ስያሜው የተቆረጠ ግራፍ፦ የአምስት ቀን የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፦ ምን ጠፋ፣ ምን ቀረ

በእጃችን ያሉት ፎቶዎች ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች በቴሌግራም የላኳቸው የፊዚክስ ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉም ግራፍ አለባቸው፤ በሁሉም ላይ ደግሞ የአንዱ ወይም የሁለቱም ዘንጎች ስያሜ ወይም ዩኒት በከፊል ወይም ጨርሶ ተቆርጧል። ሥራው መልስ መስጠት ነው። ከስሌቱ በፊት ግን የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ለይቶ መጻፍ አስፈልጓል።

መጀመሪያ ያየነው ፎቶው በእርግጥ መቆረጡን ነው። ቴሌግራም ላይ ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ ሲላክ ቻቱ ውስጥ ተጠጋግቶ ይደረደራል፤ ያን ጊዜ የየፎቶው ጠርዝ አይታይም። ነክተው ሲከፍቱት ሙሉው ይወጣል። አንድ ሰው ከተደረደረው ላይ ስክሪንሾት አንስቶ ካስተላለፈ ግን ጠርዙ ጠፍቷል። ስካን የሚያደርጉ አፖችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው፦ የወረቀቱን ጠርዝ ራሳቸው ፈልገው ይከረክማሉ፤ መጽሐፉ ጥርዙ አጠገብ ሲጎብጥ ጥላውን እንደ ወረቀቱ መጨረሻ ይቆጥሩታል። በቀኝ ገጽ ላይ ቋሚው ዘንግ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያው ጥርዙ አጠገብ ነው። ስለዚህ ለላኪው የምናቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ዋናው ፎቶ ስልክዎ ላይ አለ?» የሚል ሆኗል። በጋለሪ የተከረከመ ከሆነም ብዙ ስልኮች ላይ `Edit` ሲከፈት `Revert` የሚል ይመጣና ፎቶው ወደነበረበት ይመለሳል።

ዋናው ፎቶ ከሌለ የተቆረጠበት ጎን ራሱ ይናገራል። ከላይ ሲቆረጥ የሚጠፋው የቋሚው ዘንግ ጫፍ ነው፤ እዚያ ላይ ስያሜው፣ ዩኒቱና እንደ `×10³` ያለው ማባዣ ይቀመጣሉ። ከግራ ሲቆረጥ ወደ ጎን ዞሮ የተጻፈው ስያሜ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የቁጥሮቹ የግራ አሃዞች ይበላሉ። ይህ ሁለተኛው ክፉ ነው፤ ምክንያቱም የቀረው ቁጥር ሙሉ ስለሚመስል አይጠረጠርም። በአንዱ ፎቶ ላይ ከታች ወደ ላይ 80፣ 00፣ 20፣ 40 ይነበባል። እያንዳንዱ እርምጃ 20 ስለሆነ እነዚህ 80፣ 100፣ 120፣ 140 ናቸው። እዚህ ላይ 00 አጋለጠው። የሚታዩት 20፣ 40፣ 60 ብቻ ቢሆኑ ኖሮ 120፣ 140፣ 160 መሆናቸውን ከቁጥሮቹ ብቻ ማወቅ አይቻልም ነበር። ያን ጊዜ የሚረዳው ቁጥሮቹ ለተቆረጠው ጠርዝ ያላቸው ቅርበት ነው፦ ከአሃዙ በስተግራ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ከታየ ቁጥሩ ሙሉ ነው፤ አሃዙ ጠርዙን ከነካ አይታመንም።

ማክሰኞ፦ ግማሽ ፊደል

ዛሬ የእንቅስቃሴ ግራፎች ናቸው። የመጀመሪያው ግራፍ ከዜሮ ተነስቶ በ4 ሰከንድ 8 ላይ ይደርሳል፤ እስከ 10 ሰከንድ እዚያው 8 ላይ ይዘልቃል፤ በ12 ሰከንድ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የአግድሙ ዘንግ `t (s)` ይላል። የቋሚው ስያሜ ጨርሶ የለም። ጥያቄው በ12 ሰከንድ ውስጥ የተገኘውን ዲስፕሌስመንት ይጠይቃል፤ ምርጫዎቹ 0፣ 8፣ 72 እና 96 ሜትር ናቸው።

ቋሚው ዘንግ ቬሎሲቲ ከሆነ መልሱ ከመስመሩ ሥር ያለው ስፋት ነው፦ 16 ሲደመር 48 ሲደመር 8፣ ይኸውም 72 ሜትር። ቋሚው ዘንግ ቦታን የሚያሳይ ከሆነ አካሉ ወደ ተነሳበት ስለተመለሰ መልሱ 0 ነው። ሁለቱም ከምርጫዎቹ መካከል አሉ። ብዙ ሰው «ያገኘሁት ቁጥር ምርጫው ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ልክ ነው» ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄ አውጪው የተሳሳቱትን ምርጫዎች የሚሠራው ዘንጉን አሳስቶ የሚያነብ ተማሪ ከሚደርስበት ቁጥር ነው። 96 ራሱ 8 በ12 ተባዝቶ የመጣ ነው። ስለዚህ ስያሜው ሲጠፋ የቁጥሩ ምርጫ ውስጥ መገኘት ምንም ማስረጃ አይሆንም።

ማስረጃው የተገኘው ከሚቀጥለው ጥያቄ ነው። ከግራፉ በላይ ሁለቱ ጥያቄዎች በዚሁ ግራፍ እንደሚመለሱ ተጽፏል፤ ይህ መስመር ባይኖር ኖሮ ጎረቤት ጥያቄን መጠቀም አይገባም ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ 4 ሰከንዶች ያለውን አክስለሬሽን ይጠይቃል፤ ምርጫዎቹ 0.5፣ 2፣ 4 እና 8 m/s² ናቸው። ግራፉ የቦታ ቢሆን ያ ቀጥ ያለ መስመር ቋሚ ቬሎሲቲ ማለት ስለሆነ አክስለሬሽኑ 0 መሆን ነበረበት፤ ዜሮ ደግሞ ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም። የአንድ ቁጥር መኖር ብዙ አይነግርም፤ አንድ ንባብ የግድ የሚሰጠው መልስ አለመኖር ግን ያንን ንባብ ይጥለዋል። መልስ፦ 72 ሜትር፣ ለሁለተኛው 2 m/s²።

ቀጣዩ ፎቶ ከላይ በኩል በፊደሎቹ ወገብ ላይ ተቆርጧል። በስልኩ አጉልተን ስናየው የፊደሎቹ የታች ግማሽ ቀርቷል። የ`v` የታች ግማሽ በአንድ ሹል ጫፍ ያልቃል፤ የ`x` ግማሽ ሁለት እግር አለው፤ የ`a` ግማሽ ክብ ሆኖ ጎኑ ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ ይታያል። ከእነዚህ በኋላ ቅንፍ፣ ከዚያ የ`m` ሦስት እግሮች፣ የዘንበላዋ መስመር ጫፍና የ`s` ሆድ ይመጣሉ። በዚህ ፎቶ ላይ የመጀመሪያዋን ፊደል ጣት ሸፍኗታል፤ ዩኒቷ ግን `m/s` ትመስላለች። ወዲያው «ቬሎሲቲ ነው» ማለት ያጓጓል።

ግን አርቢው፣ ማለትም ከ`s` በላይ በትንሹ የሚጻፈው 2፣ የሚቀመጠው ከፊደሉ ወገብ በላይ ነው። ፎቶ ከላይ ሲቆረጥ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ስለዚህ የታች ግማሹ ብቻ የቀረ `m/s`፣ `m/s²`ም ሊሆን ይችላል። ግራፉ ከ0 እስከ 5 ሰከንድ በ4 ላይ የተዘረጋ አግድም መስመር ነው። ጥያቄው አካሉ ከዕረፍት ተነስቶ በ5ኛው ሰከንድ ስንት ቬሎሲቲ እንደሚኖረው ይጠይቃል። እዚህ የጥያቄው ጽሑፍ ይፈርዳል፦ «ከዕረፍት ተነስቶ» ማለት በ`t = 0` ቬሎሲቲው ዜሮ ነው ማለት ነው፤ መስመሩ ግን በዚያች ቅጽበት 4 ላይ ነው። ስለዚህ ይህ የቬሎሲቲ ግራፍ ሊሆን አይችልም። አክስለሬሽን ነው፤ ቬሎሲቲው ከመስመሩ ሥር ያለው ስፋት፣ 4 በ5፣ 20 m/s ነው። ከምርጫዎቹ መካከል 4 m/s ተቀምጧል፤ አርቢዋን ላጣ አንባቢ የተዘጋጀ ይመስላል።

ከዚህ በኋላ በየግራፉ ላይ በመጀመሪያ የሚታየው `t = 0` ላይ ያለው ዋጋ ሆኗል። «ከዕረፍት»፣ «ከመነሻው»፣ «በ10 m/s እየተጓዘ ሳለ» የሚሉ ቃላት መስመሩ ከየት መጀመር እንዳለበት ይነግራሉና ስያሜውን በግማሽ ይተካሉ።

ረቡዕ፦ አራት ንባብ፣ አራት መልስ

የዛሬው ከሁሉም አስቸጋሪው ነው፤ ጊዜም የወሰደው እሱ ነው። ከዜሮ ተነስቶ አግድም 6፣ ቁም 12 ላይ የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር አለ። ጥያቄው የሬዚስተሩን ሬዚስታንስ ይጠይቃል። የሁለቱም ዘንጎች ስያሜ የለም። ከጽሑፉ እንደሚታወቀው አንዱ ቮልቴጅ፣ ሌላው ከረንት ነው፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ቮልቴጁ በቮልት መሆኑ በጽሑፉ ተገልጿል፤ ከረንቱ በአምፔር ይሁን በሚሊአምፔር አይታወቅም። ምርጫዎቹ 0.5፣ 2፣ 500 እና 2000 Ω ናቸው።

አራቱን ንባቦች አንድ በአንድ ሠራናቸው። ቮልቴጁ በቋሚው ዘንግ፣ ከረንቱ በአምፔር ከሆነ 12 ሲካፈል ለ6፣ 2 Ω። ከረንቱ በሚሊአምፔር ከሆነ 12 ሲካፈል ለ0.006፣ 2000 Ω። ዘንጎቹ ተገላብጠው ከረንቱ በአምፔር ከሆነ 6 ሲካፈል ለ12፣ 0.5 Ω። ተገላብጠው በሚሊአምፔር ከሆነ 6 ሲካፈል ለ0.012፣ 500 Ω። አራቱም ንባቦች አራቱን ምርጫዎች አንድ ሳይቀር ሞሉ። ከምርጫዎቹ ምንም ፍንጭ አይገኝም ማለት ነው።

«ቮልቴጅ ሁልጊዜ በቋሚው ዘንግ ላይ ነው» የሚል ልማድ ያለው ሰው አለ። ልማዱ እውነት አይደለም። ስሎፑ ራሱ ሬዚስታንስ እንዲሆን የፈለገ መምህር ቮልቴጁን በቁም ያስቀምጣል፤ የአካሉን ጠባይ ማሳየት የፈለገ ደግሞ ቮልቴጁን እየለወጠ ከረንቱን ስለሚለካ ከረንቱን በቁም ያደርጋል። ሁለቱም በመማሪያ መጻሕፍት ይገኛሉ።

ጥያቄው ውስጥ አንድ ቃል ቀርቷል፦ «ባለ 0.25 W ሬዚስተር»። ይህ ሬዚስተሩ ሳይቃጠል የሚችለው ኃይል ነው። ከግራፉ ጫፍ ላይ ያለው ኃይል የሁለቱ ዘንጎች ዋጋ ብዜት ነው። በአምፔር ከሆነ 12 በ6፣ 72 W ይሆናል፤ ሬዚስተሩ ከሚችለው 288 እጥፍ ነውና ማንም እንዲህ ያለ ልኬት አይወስድም። በሚሊአምፔር ከሆነ 72 ሚሊዋት፣ ማለትም 0.072 W ነው፤ በደህና ይገባል። ስለዚህ 0.5 እና 2 ወደቁ።

የቀሩት 500 እና 2000 ናቸው። ኃይሉ በእነዚህ መካከል መፍረድ አይችልም፤ ምክንያቱም 12 በ6 እና 6 በ12 ያው 72 ናቸው። ብዜት ዘንጎቹ ቢገለባበጡም አይለወጥም፤ የሚለወጠው ክፍያ ነው። ከፎቶው የቀረ ሌላ ማስረጃ የለም። እዚህ ላይ መገመት አንድ ተማሪ ሙሉ ምዕራፉን አገላብጦ እንዲይዝ ሊያደርግ ይችላልና ሁለቱን መልሶች ከነሁኔታቸው ጽፈን ላክን፦

«የዘንጎቹ ስያሜ አልታየም። ከረንቱ በሚሊአምፔር መሆኑ ከ0.25 W ይታወቃል። ቮልቴጁ በቁም ከሆነ መልሱ 2000 Ω፣ በአግድም ከሆነ 500 Ω ነው። ከአግድሙ ዘንግ ሥር ያለውን አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ አንስተው ይላኩልን።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሆን ተብሎ ጠበብ ተደርጓል። «ጥርት ያለ ፎቶ ይላኩ» ሲባል ተማሪው ያንኑ ገጽ በተሻለ ብርሃን ያነሣና ያንኑ ጠርዝ እንደገና ይቆርጣል። የሚፈለገው የቱ ቦታ እንደሆነ ከተነገረው ግን ያንን ያመጣል።

በዚሁ ላይ አንድ ልዩ ሁኔታ እንያዝ። መስመሩ ቀጥ ያለ ባይሆንና ጥያቄው ስለ አምፖል ክር ቢሆን ኖሮ ቅርጹ ራሱ ዘንጎቹን ይለይልን ነበር። ክሩ ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ስለዚህ ቮልቴጁ በቁም ከሆነ ኩርባው እየሄደ ወደ ቋሚው ዘንግ ያዘነብላል፤ ከረንቱ በቁም ከሆነ እየሄደ ይተኛል። ሌላ ፎቶ ላይ ያለው የአምፖል ኩርባ ወደ አግድሙ እየተኛ ስለሄደ ቋሚው ዘንግ ከረንት መሆኑን ያለ ስያሜ ወስነናል።

ሐሙስ፦ ማዕዘኑ የሌለው ፔንዱለም

የፔንዱለም ግራፍ ነው፤ `g`ን ፈልጉ ይላል። የሁለቱም ዘንጎች ስያሜ ተቆርጧል፤ የታችኛው ግራ ማዕዘንም የለም። በአግድም የሚታየው ትንሹ ቁጥር 40፣ ትልቁ 100 ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ በ40 ላይ 1.7፣ በ100 ላይ 4.1 ይነበባል።

የፔንዱለም ግራፍ ቀጥ ያለ የሚሆነው የፔሪየዱ ካሬ ከርዝመት ጋር ሲሳል ነው፤ `T² = (4π²/g) l`። 4π² 39.48 ስለሆነ፣ በምድር ላይ ስሎፑ ወደ 4 ሰከንድ ካሬ በሜትር መጠጋት አለበት። ርዝመቱ በሴንቲሜትር ከሆነ ያው ስሎፕ 0.04 ይሆናል። ዘንጎቹ ተገላብጠው ርዝመቱ በሜትር በቁም ከቆመ 0.25፣ በሴንቲሜትር ከሆነ 25 ነው። እነዚህ አራት ቁጥሮች በጣም የተራራቁ ስለሆኑ አይምታቱም። የዚህ ግራፍ ስሎፕ 2.4 ሲካፈል ለ60፣ 0.04 ነው። ስለዚህ ቋሚው `T²` በሰከንድ ካሬ፣ አግድሙ `l` በሴንቲሜትር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል፦ የሚፈለገው `g` ሆኖ ሳለ `g`ን ተጠቅሞ ዘንጉን መለየት በክብ መዞር አይሆንም ወይ? አይሆንም፤ ግን ድንበር አለው። የታወቀው ዋጋ የሚያገለግለው ሴንቲሜትርን ከሜትር ለመለየት ብቻ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 100 እጥፍ ነው። የመልሱ ጥቃቅን አሃዞች ከግራፉ መምጣት አለባቸው። ግራፉ 9.5 ከሰጠ 9.5 ይጻፋል፤ «መሆን ያለበት 9.8 ነው» ተብሎ አይታረምም። ጥያቄው ጨረቃ ላይ ወይም በሌላ ፕላኔት ቢል ደግሞ ይህ መንገድ ይለወጣል፤ በጨረቃ ላይ `g` 1.62 ስለሆነ ስሎፑ 24.4 በሜትር ነው፤ ይህ ደግሞ ከላይ ካየነው 25 ጋር ስለሚቀራረብ ያምታታል።

ቀጥሎ የማዕዘኑ ጉዳይ። ብዙዎች ስሎፑን ለመሥራት አንድ ነጥብ ይወስዱና መስመሩ ከዜሮ እንደተነሳ ይቆጥራሉ። በ100 ላይ ያለውን 4.1 ብቻ ብንወስድ ስሎፑ 0.041፣ `g` ደግሞ 9.6 ይሆናል። በሁለቱ ነጥቦች ግን ስሎፑ 0.040፣ `g` 9.9 ነው። ልዩነቱ የመጣው መስመሩ በዜሮ ስለማያልፍ ነው፦ ወደ ኋላ ብንስበው 1.7 ሲቀነስ 40 በ0.04፣ ማለትም 0.1 ላይ ቋሚውን ዘንግ ይመታል። ምክንያቱም አለው። ርዝመቱ የተለካው ክሩ እስከሚያልቅበት፣ እስከ ኳሱ አናት ድረስ ነው፤ እስከ ኳሱ መሐል መሆን ነበረበት። 0.1 ሲካፈል ለ0.04፣ 2.5 ሴንቲሜትር፤ የኳሱ ሬዲየስ ይህ ነው ማለት ነው። ይህ ስሕተት መስመሩን ያነሳዋል እንጂ ስሎፑን አይነካውም። ምርጫዎቹ ውስጥ 9.6ም 9.9ም አሉ። መልስ፦ 9.9 m/s²።

ስለዚህ ማዕዘኑ በተቆረጠ ግራፍ ላይ የምንከተለው ይህ ነው፦ ሁለት ተራርቀው የሚገኙ ነጥቦችን ከመስመሩ ላይ እንወስዳለን፤ የታችኛው ጠርዝ ዜሮ ነው ብለን አንነሳም። በፎቶው ላይ የሚታየው የታችኛው መስመር የግራፉ ወረቀት አንዱ መስመር ይሁን ዘንጉ ራሱ መሆኑም መታየት አለበት። ዘንግ ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው፤ መቁረጫው የደረሰበት የካሬ መስመር ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል ቀጭን ነው።

ዓርብ፦ የመጡት ፎቶዎች

የረቡዕ ላኪ ከአግድሙ ዘንግ ሥር ያለውን ቁራጭ ልኳል። `I (mA)` ይላል። ቮልቴጁ በቁም ነው፤ መልሱ 2000 Ω። መልእክቱ ላይ 500 ያለውን ሰረዝን፣ ምክንያቱን ከሥሩ ጨመርን።

የማክሰኞው ሁለተኛ ግራፍም ሙሉ ፎቶ መጥቷል። ጣት የሸፈናት ፊደል `a` ናት፤ አርቢዋም በቦታዋ አለች። 20 m/s ይጸናል።

የሐሙሱ ላኪ መጽሐፉ ስለሌለው ሌላ ፎቶ አይኖርም። መልሱ «ስያሜው አልታየም፤ `T²` እና ሴንቲሜትር መሆናቸው ከስሎፑ ተወስዷል» ከሚል መስመር ጋር ቆሟል።

ያልተፈታ አንድ ቀርቷል። የስፕሪንግ ግራፍ ነው፤ ቋሚው `F (N)` ይላል፣ የአግድሙ ዩኒት የለም፤ ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 10 ናቸው። መስመሩ በ10 ላይ 20 ይደርሳል። የተጠራቀመው ኤነርጂ ከመስመሩ ሥር ያለው ስፋት ስለሆነ፣ በሴንቲሜትር ከሆነ 1 ጁል፣ በሚሊሜትር ከሆነ 0.1 ጁል ነው። ሜትርን ጥለነዋል፤ 10 ሜትር የሚለጠጥ የላቦራቶሪ ስፕሪንግ የለም። በሴንቲሜትርና በሚሊሜትር መካከል ግን ሁለቱም የሚሆኑ ስፕሪንጎች አሉ፤ በሴንቲሜትር 200፣ በሚሊሜትር 2000 N/m። የምርጫዎቹ ቀኝ ጠርዝም አብሮ ስለተቆረጠ ዩኒታቸው አይታይም። ሁለቱም ቁጥሮች ከነሁኔታቸው ተልከዋል፤ ከአግድሙ ዘንግ የቀኝ ጫፍ ያለው ቅንፍ እንዲነሣ ተጠይቋል።